ማታ ዘግቶ ጠዋት መክፈት፦ በሁለት ፈረቃ መካከል ስላለው ዕረፍት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ላይ የሆቴል ሥራ ከመንገዱ ጋር የታሰረ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳ መኪና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ አመሻሽቶ ይደርሳል። እንግዳው እራት ይፈልጋል። ያው እንግዳ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ባሕር ዳር ሊቀጥል ነው፤ ቁርስም ይፈልጋል። ስለዚህ አምሽቶ የሚዘጋም፣ ማልዶ የሚከፍትም ያስፈልጋል። ችግሩ ሁለቱ አንድ ሰው ሲሆኑ ነው።

እኔ ለዓመታት አስተናጋጅ ነበርኩ። አሁን የፈረቃ ፕሮግራም አውጪ ሆኛለሁ። እዚሁ ከተማ ካሉ ባልደረቦቼም፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ከሚደውሉልኝም ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ።

ማታ ከወጣበት እስከ ጠዋት እስከሚገባበት ስንት ሰዓት ይበቃል?

እኔ የምይዘው 11 ሰዓት ነው። ቁጥሩን ከኪሴ አላወጣሁትም። የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት መመሪያ ለአንድ ሠራተኛ በየ24 ሰዓቱ 11 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ያዛል። እኛ ላይ አይሠራም፤ ግን ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ ብትሠሩት እኛም ጋ እዚያው ይመጣል።

ሠራተኛዋ ከሥራ ስትወጣ ወዲያው አትተኛም። ቤቷ እስክትደርስ ግማሽ ሰዓት በሉ። እግሯን ትታጠባለች፣ የተገኘውን ትቀምሳለች፣ ለነገ የምትለብሰውን ታዘጋጃለች። ጆሮዋ ላይ የእንግዳ ጩኸት እስኪበርድ እንቅልፍ ቶሎ አይመጣም። ይህ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ጠዋት ተነስቶ፣ ተዘጋጅቶ ሥራ ቦታ ለመድረስ ደግሞ አንድ ሰዓት። ሲደመር ሦስት ሰዓት ሄደ። ከ11 ላይ ሦስት ስትቀንሱ 8 ይቀራል። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። የተረፈችው አንድ ሰዓት ልጅ ያላት እንደሆነ የልጇ ናት።

ክፍተቱ 8 ሰዓት ሲሆን ግን እንቅልፉ 5 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ስምንት ሰዓት አረፈች አይደል እንዴ?» ይላል። ስምንት ሰዓት ከሆቴሉ ውጭ ነበረች ማለት ነው እንጂ አረፈች ማለት አይደለም።

የእኛ ሕግስ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ያቆመዋል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል። በየሰባት ቀኑም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል።

እዚህ ላይ ፕሮግራም አውጪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ያ የሳምንት ዕረፍት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ መያዝ አለበት። ሰኞ ኦፍ የሆነችን ሠራተኛ ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ተኩል ላይ ለቁርስ ከጠራችኋት ዕረፍቷን በግማሽ ሰዓት ሸርፋችኋል። ሰዓቱን ደምራችሁ ከ24 በላይ ቢመጣም እንኳ። ይህቺን ግማሽ ሰዓት ብዙ ቤት አያያትም።

ነፍሰ ጡር ሠራተኛንና ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወጣትን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም፤ ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። ለእነሱ የማታ መዝጊያው ከመጀመሪያውም ዝግ ነው።

ክፍተቱን ወረቀት ላይ እንዴት ልቁጠረው?

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ሌሊቱ 12 ላይ ያልቃል፤ ቀኑ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ የወጣበትን ሰዓት ከ12 ላይ ትቀንሱና የገባበትን የጠዋት ሰዓት ትደምራላችሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ወጥቶ ጠዋት 1 ሰዓት ከገባ፣ ከ12 ላይ 4 ሲቀነስ 8፣ አንድ ሲደመር 9። የሚገባው ልክ 12 ላይ ከሆነ የሚደመር የለም። ጎህ ሳይቀድ 11 ተኩል ላይ ከገባ ደግሞ ከ11፡30 ላይ 4 መቀነስ ነው፤ ሰባት ሰዓት ተኩል።

ዋናው ነገር ፕሮግራሙን በቀን ሳይሆን በሰው ማንበብ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የተሠራው ለቀን ነው፤ ቅዳሜን ስታዩ ቅዳሜ ሞልቷል፣ እሁድን ስታዩ እሁድ ሞልቷል፣ ሁለቱም ያምራሉ። ችግሩ ያለው በመካከላቸው ነው። እኔ ማስመሪያ አንድ ሰው ስም ሥር አስቀምጣለሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄድኩ «ማታ» የሚል አጠገብ «ጠዋት» የሚል ካለ በቀይ እስክርቢቶ አከብባለሁ። ከዚያ የተከበበውን ብቻ እቆጥራለሁ። ለ14 ሠራተኛ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የሳምንቱን የመጨረሻ ቀን ከሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያ ቀን ጋር ማያያዝ እንዳትረሱ፤ አዲስ ወረቀት ስለሆነ ዓይን ይዘለዋል።

«የወጣበት ሰዓት» የምለው ፕሮግራሙ ላይ ያለውን ነው?

አይደለም! ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ነው።

ፕሮግራሙ 4 ሰዓት ይላል። አራት ሰዓት ላይ ግን ሁለት ጠረጴዛ ቢራ ይዞ ጨዋታ ላይ ነው። የፊርማ መዝገቡም ብዙ አይረዳም፤ ሰው ሲገባ የመውጫውንም አብሮ ይፈርማል። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም።

የማይዋሸው የካሽ ማሽኑ ነው። ካሸሯ ሂሳብ ስትዘጋ ማሽኑ የቀኑን ዜድ ሪፖርት ያትማል፤ ወረቀቱ ላይ ቀንና ሰዓት አለ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 22:40 ካለ ከምሽቱ 4 ከ40 ማለት ነው። የአንድ ወር ዜድ አውጥታችሁ ከፕሮግራሙ ጋር አስተያዩት። ከዚያ ላይ ዜዱ ከወጣ በኋላ ያለውን ጨምሩ፦ ብር ቆጠራ፣ ርክክብ፣ ወንበር መገልበጥ፣ መወልወል። ይህ እኛ ጋ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ኩሽና ደግሞ ለብቻው ይለካል፤ ምድጃ አጥቦ ጋዝ ዘግቶ የሚወጣው ሰው ብዙ ጊዜ ከካሸሯም በኋላ ነው።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ አሳዩን።

እሺ። የጥር ወር ነው፤ የሰርግ ሰሞን። አንዲት አስተናጋጅ ቅዳሜ ማታ፣ እሁድ ጠዋት ተመድባለች። በወረቀቱ መሠረት ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ገብታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ትወጣለች፤ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ትገባለች። ከ12 ላይ 4 ሲቀነስ 8። ከመጀመሪያውም ጥሩ አይደለም፤ ግን «አንድ ቀን ነው፣ ትችለዋለች» ተብሎ ታለፈ።

ያን ማታ ሚዜዎቹ ከሰርጉ ድግስ በኋላ ሆቴሉ መጥተው ተቀመጡ። ዜዱ የታተመው 23:52 ላይ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን 8 ደቂቃ ሲቀረው። ወለሉ ተጠርጎ በሩ ሲዘጋ 6 ሰዓት ከ20 ሆነ። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም። ከዘበኛው ጋር ተሸኛኝታ 25 ደቂቃ በእግሯ ሄደች። ጎኗን ያሳረፈችው 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ለእሁድ አጥቢያ 11 ሰዓት ላይ ስልኳ ቀሰቀሳት።

ክፍተቱ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። እንቅልፉ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ።

ትርፍ ሰዓቷን ብትቆጥሩት 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ ከ4 አይበልጥም። ከምሽቱ 4 በኋላ ስለሆነም በ1.75 ተባዝቶ ተከፈላት። ሂሳብ ክፍሉ ምንም ስህተት አላየም፤ በእሱ መዝገብ ስህተት አልነበረምና። ስህተቱ የታየው እሁድ ጠዋት ነው። ለአንዱ ጠረጴዛ የታዘዘውን ፍርፍር ለሌላው ሰጠች፣ መልስ ስትመልስ በ200 ብር ኖት ፋንታ የ100 ሂሳብ ሠራች፣ ከዚያ የፈላ ሻይ ትሪው ላይ ተገለበጠባት። እጇ ላይ የቀረው ጠባሳ ትንሽ ነው።

መፍትሔው ያን ማታ ሌላ ሰው ከመቅጠር ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ቅዳሜ ጠዋት 12 ገብታ ከቀኑ 8 ሰዓት የወጣች ልጅ ነበረች። እሷ እሁድ 12 ላይ ብትገባ ክፍተቷ 16 ሰዓት ነው። ማታ የዘጋችው ደግሞ እሁድ ከረፋዱ 5 ተኩል ላይ ብትገባ 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ታገኛለች፤ ለምሳ ሰዓት ደርሳ፣ የሰው መልክ ይዛ። ያስፈለገው አንድ ስልክ ብቻ ነበር፦ ዜዱ ከምሽቱ 4 ተኩል ካለፈ የዘጋው ሱፐርቫይዘር ለጠዋቱ ሱፐርቫይዘር ይደውላል ወይ ቴሌግራም ይልካል፤ የጠዋቱ ሰው ይቀየራል። አሁን ደንባችን ይህ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ብሠራው አይቀልም?

ይቀላል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ኤክሴል የእኛን ሰዓት አያውቅም። ሌሊት 6 ሰዓትም ቀን 6 ሰዓትም ለእሱ 6:00 ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓትን «12:00» ብላችሁ ከጻፋችሁ እኩለ ቀን ያደርገዋል። ስለዚህ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ፤ ቀኑንም ሰዓቱንም በአንድ ሳጥን። በ`B2` የወጣበት፣ በ`C2` ቀጥሎ የገባበት፣ በ`D2` ይህን፦

```
=(C2-B2)*24
```

የ`D2`ን ፎርማት `Number` አድርጉት። የቅድሟን ሠራተኛ ብናስገባ `B2` ላይ `2025-01-26 00:20`፣ `C2` ላይ `2025-01-26 06:00` ይሆናል፤ መልሱ 5.67። ነጥቡ የሰዓት ክፍልፋይ ነው፤ 0.67 ማለት 40 ደቂቃ ነው።

ወጥመዱ ቀኑ ላይ ነው። እኛ «ቅዳሜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከሃያ» እንላለን። ኮምፒውተሩ ግን በዚያ ሰዓት እሁድ ገብቷል ብሎ ያምናል። ጸሐፊው እንደ አነጋገራችን ቅዳሜ ብሎ `2025-01-25 00:20` ካስገባ መልሱ 29.67 ይመጣል። በጣም ያላረፈችው ሠራተኛ ከሁሉም በላይ ያረፈች ሆና ትታያለች! ስለዚህ ከ11 በታች ያለውን ብቻ በቀይ ማስቀለም አይበቃም። ኦፍ ያልነበረው ሰው ከ24 በላይ ካሳየ እሱንም መርምሩት።

ሠራተኞቹ ራሳቸው ተቀያይረው ቢመጡስ?

ይመጣሉ። ምክንያቱም ቲፕ ያለው ማታ ነው፤ ጠዋት ቸኩሎ የሚሄድ ሾፌር ቲፕ አይጥልም። ስለዚህ ማታውን ለማግኘት ሲሉ ጠዋቱንም እሺ ይላሉ። «እኔ ፈልጌ ነው» ይሏችኋል፤ እውነታቸውን ነው። ግን ትኩስ ነገር የሚሸከመው እጅ ፈልጌ ነው ስላለ አይጸናም። 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍናው ትንሽ ጠጥቶ እንደመጣ ሰው መሆኑ በሙከራ የታየ ነገር ነው።

እኔ መቀያየር አልከለከልኩም። ግን ቅያሪው የፈረቃ መዝገቡ ላይ ሳይጻፍ አይጸናም፤ ስጽፈው የሁለቱንም ሰዎች በፊትና በኋላ ያለ ፈረቃ አያለሁ። አራት ክፍተት ማለት ነው። አንዷ ብቻ ከ11 ካነሰች አይሆንም። የማታውን ቲፕ ደግሞ በሳጥን ሰብስበን ለሳምንቱ ሠራተኛ ሁሉ ማካፈል ከጀመርን ወዲህ የቅያሪ ጥያቄው በግማሽ ያህል ቀንሷል። ያኮረፈ አልጠፋም፣ በተለይ ጨዋታ አዋቂዎቹ።

ሁለት ወጥ ሠሪ ብቻ ነው ያለኝ። ከየት ላምጣ?

መጀመሪያ የቅደም ተከተሉን ነገር እዩ። ብዙ ቦታ ፈረቃው የሚዞረው ወደ ኋላ ነው፤ ከማታ ወደ ጠዋት። ወደ ፊት አዙሩት፦ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሁለት ቀን መካከለኛ፣ ሁለት ቀን ማታ፣ ከዚያ ኦፍ፣ ከዚያ እንደገና ጠዋት። እንዲህ ከሆነ ከማታ ወደ ጠዋት የሚያሻግረው ሁልጊዜ የኦፍ ቀን ነው። ሰው ሳይጨመር ብዙው ቀይ ክብ ይጠፋል።

ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ግን አንዱ ኦፍ በወጣ ቀን ሌላው ማታም ጠዋትም መሥራቱ አይቀርም። እዚህ ላይ 11 ይከብዳል፤ እኔ ከ9 ሰዓት አልወርድም፤ ለአንድ ሰው በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይም አላደርገውም። ሥራውን ደግሞ አቀልለዋለሁ። ሽንኩርት ማታ ይከተፋል፣ ስልስ ተሠርቶ ያድራል። ጠዋት እሳት ለኩሶ እንቁላልና ፍርፍር ለማቅረብ አንድ ረዳት ይበቃል፤ ዋናው ወጥ ሠሪ 2 ሰዓት ላይ ይደርሳል።

አንዳንዱ «ለምን እዚሁ አያድርም?» ይላል። ባዶ ክፍል ካለ፣ በሩም የሚዘጋ ከሆነ፣ የመንገዱን ጊዜ ታተርፋላችሁ፤ መጥፎ አይደለም። ግን ክፍተቱን አያረዝመውም። እኔ ወጣት ሆኜ የሠራሁበት አንድ ቤት ሪሴፕሽን ጀርባ ፍራሽ አንጥፎልን ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንግዳ ሲመጣ «ተነሺ አንሶላ ስጪ» ነው። እሱ አዳር ሥራ እንጂ ዕረፍት አይባልም።

ሠራተኛው ደክሞኛል ካላለ እንዴት አውቃለሁ?

ጎጃም ላይ ሆናችሁ «ደክሞሻል እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ «አዎ» የሚል መልስ አትጠብቁ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ይሉኝታው አለ፣ ሥራ የማጣት ፍርሃቱም አለ። ስሜት አትጠይቁ፤ ሰዓት ጠይቁ። «ስንት ሰዓት ተኛሽ?» ስትሉ «ሰባት አለፈ መሰለኝ» ትላችኋለች። ሌላው ምልክት መዝገብ ላይ አለ። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የተሰረዘ ትእዛዝ፣ የጎደለ ሂሳብ በየትኛው ሰው በየትኛው ጠዋት እንደሆነ ለሁለት ወር ጻፉና ከቀይ ክቦቹ ጋር አስተያዩት።

ጾምና በዓል ላይ ይለያያል?

በጣም። በሁዳዴ ጠዋት ኩሽና ውስጥ የሚሠራ ነገር ትንሽ ነው፤ ብዙው እንግዳ እስከ ቀትር ወይም ከዚያም በኋላ አይቀምስም። የጠዋቱን መግቢያ ወደ 2 ሰዓት መግፋት ይቻላል፤ ሻይ ለሚፈልግ አንድ ሰው ይበቃል። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ሰሞን ተቃራኒው ነው፤ የቅዳሜና የእሁድ ማታ መዝጊያ ፕሮግራሙ ላይ ካለው በሁለት ሰዓት ይዘገያል ብላችሁ ከወዲሁ አስሉት። እሁድ ኪዳን የሚያስቀድስ ሠራተኛ ካለ እንቅልፉ ከዚያም ያጥራል። እሱ የእናንተ ጉዳይ አይደለም፤ ግን ቅዳሜ ማታ ማንን እንደምታስዘጉ ስትመርጡ ብታውቁት አይከፋም።

ዘበኞችስ?

ብዙ ቤት 12 ለ12 ነው የሚሠሩት፤ ያ ከ8 ሰዓቱ ሕግ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ክፍተታቸው ግን በወረቀት 12 ስለሆነ ማንም አያየውም። ተረካቢው አርፍዶ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲመጣ የሌሊቱ ዘበኛ የቀረው 10 ነው። በዚያ ላይ «እግረ መንገድህን ቢራውን አውርድልን» ከተባለ 9። የቢራው መኪና ሾፌር አራግፎ የሚሄድበትን ሰዓት ቀይሩለት፤ ወይ የቀኑ ዘበኛ ያውርድ።